60 ያገኘው ተማሪ በየትኛው ምድብ ይቆጠራል?

አንድ ክፍል 40 ተማሪዎች አሉት እንበል። መምህሩ የሒሳብ ውጤታቸውን ኤክሴል ላይ አስገብቶ «ከ50 እስከ 60 ስንት ናቸው? ከ60 እስከ 70ስ?» እያለ በምድብ ሲያስቆጥር የምድቦቹ ድምር 43 ሆኖ ይመጣል። ሌላ መምህር ያንኑ ዝርዝር ወስዶ «ከ50 እስከ 59፣ ከ60 እስከ 69» ብሎ ሲያስቆጥረው ደግሞ 34 ይሆናል። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል አንዱ ሦስት ሰው ጨመረ፣ ሌላው ስድስት ሰው አጎደለ። ኤክሴል ግን ሁለቱንም ጊዜ የታዘዘውን በትክክል ቆጥሯል። ስህተቱ ያለው ትእዛዙ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውም የሚገኘው ምድብ ከምድብ በሚለይበት ወሰን ላይ ነው።

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ትምህርት ቤቶች የሚያዘጋጁት የውጤት ትንተና በዚህ ዓይነት ሰንጠረዥ ላይ የቆመ ነው። ከ50 በታች ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ከ50 በላይስ ስንት ስንት እንደሆኑ ይሞላና ለርእሰ መምህሩ፣ ከዚያም ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል። በሒሳብ መጻሕፍት የድግግሞሽ ሰንጠረዥ የሚባለው ይኸው ነው፤ የብዙ ሰዎችን ውጤት አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይልቅ በየምድቡ ስንት ሰው እንደወደቀ ያሳያል።

በምድብ መቁጠር ቀላል የሚመስለው ውጤቶቹ በምድቡ መካከል ሲሆኑ ነው። 54 ያገኘች ልጅ የት እንደምትገባ ማንም አይከራከርም። የሚያከራክሩት ልክ ወሰኑ ላይ የቆሙትና ከወሰኑ በግማሽ ነጥብ የጎደሉት ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ደግሞ ወሰኑ ብዙ ነገር ይወስናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ይፋ ሲሆን፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ተገልጾ ነበር። እዚያ ላይ «50ና ከዚያ በላይ» ማለትና «ከ50 በላይ» ማለት አንድ አይደሉም፤ ልክ 50 ያመጣ ተማሪ በመጀመሪያው አነጋገር ያልፋል፣ በሁለተኛው ይወድቃል።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። በዝርዝሩ ውስጥ ልክ 50 ያገኙ ሁለት፣ ልክ 60 ያገኙ ሁለት፣ ልክ 70 ያገኘ አንድ ተማሪ አሉ። የመጀመሪያው መምህር ሁለቱንም ወሰን ስላካተተ 60 ያገኘው ልጅ «ከ50 እስከ 60» ውስጥም፣ «ከ60 እስከ 70» ውስጥም ተቆጠረ። በዚህ መንገድ አምስት ተማሪዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ገቡ። ሁለተኛው መምህር ይህን ለማስቀረት ምድቡን 59 ላይ አቆመው። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ 49.5 ያገኘ አንድ፣ 59.5 ያገኙ ሁለት፣ 69.5 ያገኘ አንድ አሉ። 59.5 ከ59 ይበልጣል፣ ከ60 ያንሳል፤ ስለዚህ በሁለቱ ምድቦች መካከል ባለው ክፍተት ወደቀ። አራት ልጆች እንዲሁ ከሰንጠረዡ ጠፉ። ውጤት ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ከሆነ የሁለተኛው መምህር አካሄድ ይሠራል። ግማሽ ነጥብ የሚሰጥበት አንድ ጥያቄ ብቻ ሲኖር ግን ይፈርሳል፤ ለዚህ ነው የማልመክረው።

የሁለቱም መፍትሔ አንድ ነው። የታችኛው ወሰን ይካተት፣ የላይኛው አይካተት። «50ና ከዚያ በላይ፣ ነገር ግን ከ60 በታች» ሲባል 50 ገብቷል፣ 59.5 ገብቷል፣ 59.99ም ገብቷል፤ 60 ግን የሚቀጥለው ምድብ መጀመሪያ ነው። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሴኔት ሕግ ላይ የፊደል ውጤት ሰንጠረዥ ሲጻፍ [85, 90) ተብሎ በአንድ በኩል የማዕዘን፣ በሌላው በኩል ክብ ቅንፍ የሚደረገው ለዚሁ ነው። የማዕዘኑ ቅንፍ ቁጥሩ ይካተታል፣ ክቡ አይካተትም ማለት ነው።

አሁን ሰንጠረዡን እንሥራ። በA ዐምድ ተራ ቁጥር፣ በB ስም፣ በC ጾታ («ወ» ወይም «ሴ»)፣ በD ውጤት አለ። የመጀመሪያው ረድፍ ርእስ ስለሆነ የተማሪዎቹ መረጃ ከ2ኛው እስከ 41ኛው ረድፍ ይዘልቃል። ትንሽ ራቅ ብለን በF ዐምድ የታችኛውን ወሰን ብቻ እንጻፍ፤ ከF2 እስከ F7 ድረስ 0፣ 50፣ 60፣ 70፣ 80፣ 90። የላይኛውን ወሰን በG ዐምድ በእጃችን አንጽፍም። G2 ላይ ይህን እናስገባና እስከ G6 ድረስ ወደ ታች እንጎትተዋለን።

```
=F3
```

G7 ላይ 100 እንጽፋለን። እኔ ከሁሉም በላይ የማጠብቀው ይህን ነገር ነው። በሁለት ማሳ መካከል የሚቆመው የወሰን ድንጋይ አንድ እንደሆነ ሁሉ፣ በሁለት ምድብ መካከልም አንድ ቁጥር ብቻ መኖር አለበት፤ እሱም አንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል። የአንዱ ምድብ መጨረሻ የሚቀጥለው ምድብ መጀመሪያ ራሱ ከሆነ መደራረብም ክፍተትም ሊፈጠር አይችልም። ነገ ትምህርት ቤቱ «70 የነበረው ወሰን 75 ይሁን» ቢል F5ን ብቻ መለወጥ ይበቃል፤ በላዩ ያለው ምድብ ራሱ ይስተካከላል።

ቆጠራውን የሚሠራው COUNTIFS የተባለው ፎርሙላ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው COUNTIF አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ይቀበላል፤ COUNTIFS ግን ከኤክሴል 2007 ጀምሮ ብዙ ቅድመ ሁኔታዎችን ባንድ ጊዜ ይቀበላል፣ ሁሉንም ያሟላውን ረድፍ ብቻ ይቆጥራል። የእኛም ጥያቄ ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ውጤቱ ከታችኛው ወሰን እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ከላይኛው ደግሞ የሚያንስ። J2 ላይ እንዲህ ይጻፋል፤

```
=COUNTIFS($D$2:$D$41,">="&$F2,$D$2:$D$41,"<"&$G2)
```

የውጤቱ ዐምድ ሁለት ጊዜ መጠራቱ አያስገርም፤ ለእያንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ የሚመረመረው ዐምድ ከፊቱ መጠቀስ አለበት። ምልክቱ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሆኖ ሴሉ ከጥቅሱ ውጭ በ& የተያያዘበት ምክንያትም አለ። ኤክሴል ቅድመ ሁኔታውን የሚያነበው እንደ ጽሑፍ ነው፤ & የሚለው ምልክት በF2 ውስጥ ያለውን ቁጥር አምጥቶ ከምልክቱ ጋር ይሰፋውና «>=50» ያደርገዋል። አንድ ሰው ቸኩሎ ሁሉንም በጥቅስ ውስጥ ">=F2" ብሎ ቢጽፈው ኤክሴል F2ን እንደ ሴል ሳይሆን እንደ ተራ ፊደል ይወስደዋል፤ ሰንጠረዡም ዜሮ በዜሮ ይሆናል። ሁሉም ምድብ ዜሮ ከሆነብዎት መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

የዶላር ምልክቱም ሥራ አለው። ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተት የውጤቱ ዝርዝር ባለበት እንዲቆይ ያደርጋል። ዶላሩ ከተረሳ በሁለተኛው ምድብ ዝርዝሩ D3:D42 ይሆናል፣ በሦስተኛው D4:D43። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንድ በአንድ ከቆጠራው ይወጣሉ። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ቁጥሩ ብቻ ዝም ብሎ ያንሳል። አውሮፓ ውስጥ ኮምፒውተራቸው በአገሩ ቋንቋ የተስተካከለ አንባቢዎች ደግሞ ኮማው ባለበት ቦታ ሴሚኮለን ሊጠየቁ ይችላሉ። በጎግል ሺትስና በሊብሬ ኦፊስም ፎርሙላው ይህንኑ ይመስላል።

J2ን እስከ J6 ከጎተትን በኋላ የመጨረሻው ምድብ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እዚያ «ከ100 በታች» ካልን 100 ያገኘችው ጎበዝ ልጅ ከሰንጠረዡ ትወጣለች፤ ከ100 በላይ የሚቀጥል ምድብ የለምና የሚቀበላት አይኖርም። ስለዚህ በመጨረሻው ረድፍ ብቻ የላይኛው ወሰንም ይካተታል፤

```
=COUNTIFS($D$2:$D$41,">="&$F7,$D$2:$D$41,"<="&$G7)
```

ኤክሴል ይህ ፎርሙላ ከበላዩ ካሉት እንደሚለይ አይቶ በሴሉ ጥግ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ሊያሳይ ይችላል። እዚህ ላይ ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ስለሆነ ይተዉት። ሴሉን በቀለም መለየት ግን ጥሩ ነው፤ በኋላ ሌላ ሰው «ለማስተካከል» ብሎ የላይኛውን ፎርሙላ እንዳይጎትትበት። አንዳንዶች የላይኛውን ወሰን 101 አድርገው ይህን ልዩነት ያስቀራሉ። እኔ አልወደውም፤ ፈተናው ከ100 የተያዘ ከሆነ ሰንጠረዡም 100 ማለት አለበት፣ በስህተት 100.5 ተብሎ የገባ ውጤት ቢኖርም ተደብቆ ማለፍ የለበትም።

ለወንድና ለሴት H1 ላይ «ወ»፣ I1 ላይ «ሴ» እንጽፍና H2 ላይ ሦስተኛ ቅድመ ሁኔታ እንጨምራለን። ይህኛው ወደ ጎንም ወደ ታችም ይጎተታል፤ በ7ኛው ረድፍ ብቻ እንደገና <= ይሆናል።

```
=COUNTIFS($D$2:$D$41,">="&$F2,$D$2:$D$41,"<"&$G2,$C$2:$C$41,H$1)
```

ሦስቱም ዝርዝሮች ከ2 እስከ 41 እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ እስከ 40 ብቻ ቢሄድ ኤክሴል #VALUE! ብሎ ይቆማል፤ ይህ ስህተቱን በግልጽ ስለሚናገር ደግ ነው። የጄን ዐምድ ድምር ከወንድና ከሴት ዐምዶች ደምሮ ከማግኘት ይልቅ ለብቻው በCOUNTIFS ማስቆጠሩ ይሻላል። በጾታ ዐምድ አንድ ቦታ «ሴ» በማለት ፋንታ «ሴት» ተብሎ ቢጻፍ ያቺ ልጅ በI ዐምድ ትጎድላለች፤ J ለብቻው ስለተቆጠረ የሁለቱ ድምር ከJ ጋር አይገጥምም፣ ጉድለቱም ይታያል።

ድምሩን መፈተሽ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ የሚፈተሽበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። በእኛ ክፍል የምድቦቹ ድምር 38 ሆነ። ቁጥር ያላቸውን ሴሎች የሚቆጥረው COUNT ፎርሙላም 38 አለ። ገጠመ ብሎ መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን ያልተፈተነው ተማሪ አንድ ብቻ ነው፤ ከ40 አንድ ሲቀነስ 39 እንጂ 38 አይመጣም። አንድ ልጅ የት ሄደ?

መልሱ እንዲህ ነው። የአንዱ ተማሪ 64 ከስልክ ተቀድቶ የተለጠፈ ስለሆነ ኤክሴል እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ይዞታል። ለዓይን 64 ነው። «ከ60 እኩል ወይም የሚበልጥ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ግን ቁጥርን ብቻ ስለሚመለከት አልፎት ይሄዳል። COUNTም እንደዚሁ ያልፈዋል። መርማሪውና ተመርማሪው አንድ ዓይነት ድክመት ስላላቸው ተስማሙ። ስለዚህ ምርመራው ሦስት ቁጥር ያስፈልገዋል፤

```
=COUNTA(D2:D41)
=COUNT(D2:D41)
=COUNTIF(D2:D41,"አልተፈተነም")
```

የመጀመሪያው ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ይቆጥራል፣ 40 ይላል። ሁለተኛው 38፣ ሦስተኛው 1። 38ና 1 ሲደመር 39 ነው፤ ከ40 አንድ ጎደለ። የጎደለውን ሴል ለማግኘት የዐምዱን አሰላለፍ ማየት ይጠቅማል። ማንም አሰላለፉን ካልነካው ቁጥር በሴሉ ቀኝ ጠርዝ፣ ጽሑፍ በግራ ጠርዝ ይቀመጣል፤ ያ 64 ከ«አልተፈተነም» ጋር ወደ ግራ ተጠግቶ ይገኛል። ሴሉን ነክተው ከሚመጣው የማስጠንቀቂያ ምልክት Convert to Number የሚለውን ቢመርጡ ይስተካከላል፤ በዜሮ ፋንታ የእንግሊዝኛው O ተጽፎበት ከሆነ ግን እንደ አዲስ መጻፍ ነው። እግረ መንገዴን፣ ያልተፈተነ ተማሪ ላይ ዜሮ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም። ዜሮ ውጤት ነው፤ ታሞ የቀረው ልጅ ከ50 በታች ካገኙት ጋር ይቆጠራል።

ከተስተካከለ በኋላ ሰንጠረዡ ይህን ይመስላል።

| ውጤት | ወ | ሴ | ድምር |
|---|---|---|---|
| ከ50 በታች | 4 | 3 | 7 |
| 50 – ከ60 በታች | 5 | 6 | 11 |
| 60 – ከ70 በታች | 4 | 5 | 9 |
| 70 – ከ80 በታች | 3 | 3 | 6 |
| 80 – ከ90 በታች | 2 | 2 | 4 |
| 90 – 100 | 1 | 1 | 2 |
| ድምር | 19 | 20 | 39 |

ከ39 ተፈታኞች 32ቱ 50ና ከዚያ በላይ አግኝተዋል፤ ይህም 82 በመቶ ነው።

«ለዚህ ሥራ FREQUENCY የሚባል አጭር ፎርሙላ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ፤ ግን ወሰኑን የሚያካትተው በተቃራኒው በኩል ነው። 50፣ 60፣ 70፣ 80፣ 90 ብለን ወሰኖቹን ብንሰጠው ልክ 50 ያገኙትን ሁለት ልጆች ከታችኛው ምድብ ጋር ይቆጥራቸዋል። ከዚያ የመጀመሪያው ምድብ ከ7 ወደ 9 ያድጋል፣ ያለፉት 30 ይሆናሉ፣ የማለፊያው መጠንም ወደ 77 በመቶ ይወርዳል። የምድቦቹ ድምር ግን አሁንም 39 ስለሆነ የትኛውም የድምር ምርመራ ይህን አያጋልጥም። ከኤክሴል 2016 ጀምሮ ያለው የሂስቶግራም ሥዕልም ምድቦቹን ሲሠራ የላይኛውን ወሰን ማካተት ልማዱ ነው። በCOUNTIFS የተሠራ ሰንጠረዥና በሂስቶግራም የተሳለ ሥዕል ባንድ ሪፖርት ውስጥ ሆነው አልገጥም ካሉ፣ ወሰኑ ላይ የቆሙትን ልጆች መቁጠር ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። የማለፊያ ነጥብ ላለበት ሥራ እኔ COUNTIFSን የምመርጠው አካታቹ ምልክት በዓይን ስለሚታይ ነው፤ የ= ምልክቱ ያለበት ወሰን ይካተታል፣ ሌላው አይካተትም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም 59.5ን እንደ 60 የሚያሳየው ማያ ገጽ ነው። የነጥብ ቤቶችን መቀነሻውን ቁልፍ ከተጫኑ ኤክሴል 60 ብሎ ያሳያል፤ በሴሉ ውስጥ ያለው ግን አሁንም 59.5 ነው፣ COUNTIFSም የሚያየው እሱን ነው። የተማሪው ካርድ 60 እያለ ሰንጠረዡ ከ60 በታች ይቆጥረዋል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ኤክሴል ሊወስን አይችልም፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። ደንቡ ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋ ካለ መጠጋጋቱ በመልክ ብቻ ሳይሆን በቁጥሩ ላይ መደረግ አለበት። ተከታታይ ምዘናው በK፣ ማጠቃለያ ፈተናው በL ካለ፣ ውጤቱ በD ዐምድ እንዲህ ይሰላል፤

```
=ROUND(K2+L2,0)
```

በዚህ ደንብ 49.5 ያገኘው ልጅ 50 ይሆናል፣ ከ50 በታች ያሉትም ከ7 ወደ 6 ይወርዳሉ። አንድ ልጅ አለፈ ወይም ወደቀ ማለት ስለሆነ ደንቡ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ አለበት፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ መወሰን ተገቢ አይደለም። ደንቡ አታጠጋጉ ቢልም እንኳ በ0 ፋንታ 1 አድርጎ ROUNDን መጠቀም ይበጃል። ኮምፒውተር 0.1ን የመሳሰሉ ቁጥሮችን በልካቸው መያዝ ስለማይችል፣ የነጥብ ቁጥሮች ሲደመሩ 60 መሆን የነበረበት 59.99999999999999 ሆኖ ሊቀር ይችላል። እዚህ ላይ ልጁን ከምድቡ የሚያስወጣው ያላጠፋው ጥፋት ነው፤ ማንም በዓይኑ አያገኘውም።

ሰንጠረዡ ለሌላ ሰው ሲላክ ከሥሩ አንድ መስመር ይጻፍበት፤ «የታችኛው ወሰን ይካተታል፣ የላይኛው ከመጨረሻው ምድብ በቀር አይካተትም፤ ውጤት አልተጠጋጋም፤ 1 ተማሪ አልተፈተነም።» የሌላ ክፍል መምህር በተቃራኒው ቆጥሮ ከሆነ፣ ሁለቱ ሰንጠረዦች ከመደመራቸው በፊት ይህን መስመር አንብቦ ሊያስተካክል ይችላል።